ቪትዝ ገዝተን ስሙ እስኪዞር

ዘንድሮ አዲስ አበባ ስገባ እህቴ ያገለገለ መኪና እያፈላለገች ነበር። የዋጋውን ግማሽ እኔ ስለምሸፍን ከደላላው እስከ አዲሱ ሊብሬ ድረስ አብሬያት ዞርኩ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። እዚያ ሻጩ የባለቤትነት ወረቀቱ ላይ ፈርሞ ይሰጥሃል። አንተ ወረቀቱን ይዘህ ዲኤምቪ ወደሚባለው የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት ትሄዳለህ፣ 4.15 በመቶ ታክስህን ትከፍላለህ፣ አለቀ። ሚስቱ ማን ናት ብሎ የሚጠይቅ የለም። አዲስ አበባ መንገዱ ይረዝማል። መጀመሪያ ላይ አማረርኩ፣ በኋላ ግን ግማሹ ርዝመት ገዢውን ለመጠበቅ የተቀመጠ መሆኑ ገባኝ። ስለዚህ የተጠቀምንባቸውን አገልግሎቶች እንዳየኋቸው ልንገራችሁ።

ከደላላው ልጀምር። በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስለተከለከለ፣ አሮጌውም ቢሆን ዋጋው አይቀመስም። ደላላችን መኪና በማግኘት በኩል ጎበዝ ነበር። ወረቀት ላይ ግን እምነት የሚጣልበት አልነበረም። መጀመሪያ ያሳየን መኪና ከሌሎቹ በግልጽ ይረክሳል። «ሊብሬው ንጹህ ነው» አለን። ሊብሬው እውነትም ንጹህ ነው፣ ስሙም ታርጋውም ልክ ነው። እህቴ ግን ባለቤቱን «እስቲ ከፋይሉ የዕዳና እገዳ ማረጋገጫ አውጥተህ አምጣ» አለችው። ሲጣራ መኪናው ከቀረጥ ነፃ የገባ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለው መኪና ለሌላ ሰው የሚዞረው ቀረጡ ተከፍሎ ከጉምሩክ ደብዳቤ ሲመጣ ነው። ቀረጡ ደግሞ ከዋጋ ቅናሹ ይበልጣል። ትተነው ወጣን። ባንክ ያበደረበት ወይም ፍርድ ቤት ያገደው መኪናም የሚታወቀው በዚሁ መንገድ ነው፤ እጃችሁ ላይ ያለው ሊብሬ ትናንት ፋይሉ ውስጥ የገባውን እገዳ አያሳይም።

ሁለተኛው ያየነው መኪና ቪትዝ ነው። በ1 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ተስማማን። ቀብድ ከመስጠታችን በፊት ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድነው። ይህ ከከፈልንባቸው አገልግሎቶች ሁሉ ዋጋውን ያወጣው ነው። መካኒኩ ሞተሩን ከመስማቱ በፊት ሊብሬውን ተቀበለን፣ ኮፈኑን ከፈተና የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር አንድ በአንድ አነበበ። «ሞተር የተቀየረ መኪና ብዙ ነው» አለን። ሞተር መቀየሩ ራሱ ችግር አይደለም። ችግሩ አዲሱ ቁጥር ሊብሬው ላይ ሳይገባ ሲቀር ነው። ያኔ ስም ሊዞር ሲል ቁጥሩ አይገጥምም፣ የሞተሩን የግዢና የጉምሩክ ወረቀት አምጡ ይባላል፣ ከዓመታት በፊት ሞተሩን የሸጠው ሰው ደግሞ የት እንዳለ አይታወቅም። ሻንሲው ላይ መፋቅ፣ ብየዳ ወይም አዲስ ቀለም ካያችሁ ደግሞ ሌላ ምንም ሳትጠይቁ ተመለሱ። የእኛው ገጠመ። ሾክ አብዞርበሩ ብቻ ደክሟል፣ ለእሱ ዋጋ አስቀነስን... ማለቴ ሞከርን፣ ሻጩ ንቅንቅ አላለም።

ቀብድ ላይ አንድ ነገር እወቁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ከቀየረ ግን እጥፍ ይመልሳል። ሌላ ስምምነት ከሌለ ማለት ነው። ስለዚህ ትንሽም ቢሆን በጽሑፍ ስጡ፣ «ቀብድ» የሚለው ቃልም ይጻፍበት። መኪና እንደዚህ በሚፈለግበት ጊዜ ሻጭ የተሻለ ገዢ ሲመጣ ይፈተናል።

ከዚያ ደላላው ዋናውን ምክሩን አመጣ። «ወንድሜ፣ ለምን ትንገላታላችሁ? በውክልና ጨርሱት። ቴምብሩም ይቀርላችኋል።» ብዙ ሰው እንደዚህ ነው የሚያደርገው። ሻጩ ብሩን ይቀበላል፣ መኪናውን እንድትነዳና እንድትሸጥ ውክልና ይሰጥሃል፣ ሊብሬው በእሱ ስም ይቀራል። የሚያስፈራኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ውክልና ሰጪው በፈለገ ጊዜ ይሽረዋል። ሰጪው ከሞተም ውክልናው ያበቃል። ያን ጊዜ ሊብሬው ላይ ያለው የሟቹ ስም ነው፣ ወራሾቹም መኪናውን ከውርሱ ቆጥረው ሊጠይቁ ይችላሉ። ሻጩ ዕዳ ገብቶ ፍርድ ቤት ንብረቱን ቢያግድ የሚታገደው እናንተ የምትነዱት መኪና ነው። ለሻጩም አይበጅም፤ አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ የሚፈለገው ሊብሬው ላይ ያለው ሰው ነው። ሁለት በመቶ የቴምብር ቀረጥ ለማትረፍ መኪናውን ሙሉ ማስያዝ ማለት ነው። እምቢ አልን።

ውሉን የተዋዋልነው ብዙ ሰው እስካሁን ውልና ማስረጃ በሚለው፣ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ነው። ተረኛው ሠራተኛ ትሑትና ፈጣን ነበር። የእህቴን ፋይዳ አየ፣ የሻጩን አየ፣ የዕዳና እገዳ ማረጋገጫውን አየ። ከዚያ ሻጩን «ባለትዳር ነህ?» አለው። ነው። «ባለቤትህስ?» ዱባይ ናት።

ሊብሬው ላይ ያለው የእሱ ስም ብቻ ነው። ታዲያ ሚስቱ ምን ታደርጋለች? በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንደኛው ስም ብቻ የተመዘገበ ንብረት እንኳ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው ተብሎ ይወሰዳል። ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ ደግሞ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። የ500 ብሩ ጣሪያ ዛሬ ያስቃል፣ በእሱ ስሌት ጥሩ ጫማም ሚስት ሳትፈርም አይሸጥም። ለመኪና ግን ቀልድ አይደለም። ያልተስማማው ወገን ሽያጩን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲያፈርስለት ሊጠይቅ ይችላል፣ ባያውቅም እስከ 2 ዓመት ጊዜ አለው። ስለዚህ ያቺ ጥያቄ የቆመችው ለእህቴ ነው።

ሻጩ ተዘጋጅቶ ነበር የመጣው። ሚስቱ ከቆንስላው የላከችለትን ውክልና አወጣ። ሠራተኛው አነበበውና መለሰለት። ወረቀቱ «ንብረቴን እንዲያስተዳድርልኝ፣ እንዲከራከርልኝ» ይላል። መሸጥ የሚል የለበትም። «ማስተዳደር ሌላ፣ መሸጥ ሌላ» አለ፣ ውሉም በዚያ ቀን ሳይፈረም ቀረ። ሚስትየው እንደገና ቆንስላ ሄዳ አዲስ ውክልና አስጻፈች። ዋናው ወረቀት በሰው እጅ እስኪመጣ፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተሙን እስኪያረጋግጥ፣ ከዚያም እዚሁ እስኪመዘገብ ቆየን። የሳምንታት ነገር ነው። እኔ የመመለሻ ትኬቴን አራዘምኩ።

ውጭ ያላችሁ ይህችን ልብ በሉልኝ። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄዳችሁ ውክልና ስታስጽፉ አጠቃላይ ቃል አይበቃም። «የሰሌዳ ቁጥሩ ይህ የሆነውን ተሽከርካሪ እንዲሸጥ፣ ዋጋውን እንዲቀበል፣ ስም እንዲያዛውር፣ በሰነዶች ማረጋገጫ ቀርቦ እንዲፈርም» የሚል በግልጽ ይግባበት። በስልክ የተነሳ ፎቶ አያገለግልም፣ ዋናውን ላኩ። ያላገባ ሻጭ ደግሞ ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያመጣል፣ የፈታም የፍቺውን። በነገራችን ላይ እህቴም ባለትዳር ስለሆነች የእኔ ግማሽ ብር ለባሏም መኪና ገዝቶለታል። ይመቸው።

ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ደላላው በውሉ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ብለን እንድንጽፍ ወተወተን። የቴምብር ቀረጡ የዋጋው 2 በመቶ ነው። በእውነተኛው ዋጋ 36 ሺህ ብር ይመጣል፣ በሱ ዋጋ 24 ሺህ። 12 ሺህ ብር ለማትረፍ ማለት ነው። ግን ነገ ሽያጩ ቢፈርስ፣ ለምሳሌ መኪናው የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ፣ በእጃችሁ ያለው ውል የሚመሰክረው 1 ሚሊዮን 200 ሺህ መክፈላችሁን ነው። ቀሪውን 600 ሺህ በምን ታስረዳላችሁ? ከዚያም በላይ መሥሪያ ቤቱ የራሱ የዋጋ ግምት አለው። ውሉ ላይ ያለው ዋጋ ከግምቱ ካነሰ ቀረጡ የሚሰላው በግምቱ ነው፣ ስለዚህ ዋሽታችሁም ላይቀንስላችሁ ይችላል። እኛ እውነተኛውን ጻፍን፣ ክፍያውንም በሲፒኦ አደረግን። ሲፒኦው ከፊርማው በኋላ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተሰጠ።

ስም የሚዞረው መኪናው ፋይሉ ባለበት የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ቅርንጫፍ ነው። ይህ የጠበቅኩትን ያህል አላስቸገረም። የተረጋገጠውን ውል፣ የድሮውን ሊብሬ፣ የሦስተኛ ወገን መድኑንና የቴምብሩን ደረሰኝ አስገባን። ፋይሉ ክልል ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ፋይሉ ራሱ ተልኮ እንዲመጣ መጠበቅ ነበረብን፣ ለዚህ ነው የክልል ታርጋ ያላቸው አንዳንዴ ረከስ የሚሉት።

ደስ ያላለኝ የቴክኒክ ምርመራው ነው። ቦሎው ጊዜው አልፎ ስለነበር አንድ የግል ምርመራ ጣቢያ ሄድን። ወረፋው ረጅም ነው፣ ምርመራው ግን ዓይን እስኪጨፈን ነው ያለቀው። ፍሬን መለኪያው ላይ አወጡት፣ መብራት አዩ፣ ጭስ ለኩ፣ አለፈ። ጋራዡ የነገረንን የደከመ ሾክ አብዞርበር ማንም አላነሳውም። ስለዚህ ሻጭ «ምርመራ አልፏል» ሲላችሁ የሰማችሁት መኪናው በዚያ ቀን መንገድ ላይ መውጣት ይችላል የሚለውን ብቻ ነው። ስለ ሞተሩ፣ ስለ ካምቢዮው፣ ስለ ቀድሞ ግጭት ምንም አይነግራችሁም። ያለፈ ቦሎ ቅጣትም አለው። ማን እንደሚከፍለው ቀብድ ስትሰጡ ካልተነጋገራችሁ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። እኛ ቀድመን ስለተነጋገርን ሻጩ ከፈለ፣ ፊቱን አጥቁሮም ቢሆን።

አዲሱ ሊብሬ ሲወጣ ስሙን፣ ሻንሲውንና የሞተር ቁጥሩን እዚያው መስኮቱ ላይ ቆማችሁ አመሳክሩ። የአንድ ፊደል ስህተት እዚያው ሲታረም ቀላል ነው፣ በኋላ ግን ማመልከቻ ይጻፍበታል። እህቴ ከዚያ በቀጥታ ኢንሹራንሱን በራሷ ስም ለማስቀየር ሄደች። ሻጩ ደግሞ የውሉን ኮፒ ጠየቀን፣ የድሮ ቅጣት ቢመጣበት መቼ እንደሸጠ እንዲያሳይበት። ሰጠነው።