የ9 ደቂቃ ቪዲዮዬን አራት ቦታ ለከፈለልኝ የደሴ ልጅ

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ቤተሰቦች፣ ዛሬ አንድ ልጅ ላመሰግንና ልጠቁማችሁ ነው። እንደምታውቁት ኮምቦልቻ የኤሌክትሪክ ምጣድ እየሰራሁ ነው የምሸጠው፣ እና 9 ደቂቃ የሚሆን ማስታወቂያ ተቀርጬ ነበር። መጀመሪያ የሰጠሁት ሰው የፊተኛዋን 1 ደቂቃ ቆርጦ ያችኑ ሁሉም ቦታ ለቀቀልኝ፣ ደቂቃዋ ደግሞ ሰላምታና እንዴት ስራ እንደጀመርኩ ነው፣ ምጣዱ ገና አልታየም!

ሀረጎን ወጥቼ ደሴ ፒያሳ ላገኘሁት ልጅ ስሰጠው ግን መቁረጡን ትቶ መጀመሪያ የተናገርኩትን በሙሉ ወረቀት ላይ ጻፈው። ከዛ ብቻውን ቢሰማ ትርጉም የሚሰጠውን እያሰመረ "ቅድም እንዳልኳችሁ" ያልኩባቸውን ሁሉ ሰረዛቸው፣ ቅድም ያልኩትን ያላየ ሰው ምን ይገባዋል አለኝ፣ እውነቱን ነው። አንዱ ቪዲዮ አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልስ ብሎ ከፋፈለው። የቲክቶኩ 25 ሰከንድ ነው፣ ሰላምታ የለውም፣ አክንባሎው ተነስቶ እንፋሎቱ ሲወጣና አይናማዋ እንጀራ ስትነሳ ይጀምራል። የፌስቡኩ ላይ ብዙ ሰው ድምፅ ሳይከፍት ስለሚያልፍ ንግግሬን በሙሉ በጽሁፍ አስገባበት። ሽቦው ሲቃጠል እንዴት እንደሚቀየር የሚያሳየው ረዘም ስለሚል ዩቲዩብ ሾርት ላይ ሄደ፣ እዛ እስከ 3 ደቂቃ ይቻላል። ቴሌግራም ላይ ያሉት ለመግዛት የሚያስቡ ስለሆኑ ስለ ዋስትናው ያወራሁትን ሰጣቸው፣ ፋይሉንም ዳታ እንዳይበላ አሳነሰው፣ ዋጋውን ደግሞ ቪዲዮው ውስጥ ሳይሆን ስር በጽሁፍ አደረገው፣ ዋጋ ሲቀየር ጽሁፉን ብቻ አስተካክላለሁ።

በጣም የወደድኩት ግን ሀቀኝነቱን ነው። ቀረጻው አግድም ስለነበር እኔ በግራ ምጣዱ በቀኝ ነን፣ ወደ ቁም ሲቆረጥ ወይ እኔ ወይ የምጣዱ ግማሽ ይጠፋል፣ "ይሄ በመቁረጥ አይድንም" ብሎ ኮምቦልቻ ድረስ ወርዶ እንጀራው የሚነሳበትን ብቻ በስልክ በቁም ደግሞ ቀረጸው፣ ግማሽ ሰአት አልፈጀም። ደግሞ ከመልቀቁ በፊት ለራሱ ብቻ እንዲታይ አድርጎ ጭኖ በስልኩ አሳየኝ፣ ለካ ታች የጻፈው "ኮምቦልቻ" የሚለው የቲክቶኩ ጽሁፍ ስር ተደብቋል፣ ወደ መሀል ከፍ አደረገው። ኮምፒውተር ላይ ብቻ ብናየው አናውቀውም ነበር።

አሁን የሚደውልልኝ ሰው "ምንድነው የምትሸጡት" አይለኝም፣ "ሽቦውን ለብቻው ትሸጣላችሁ?" ነው የሚለኝ። አላህ ያክብርልኝ ወንድሜ!

ስልኩን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ቪዲዮአችሁን በቴሌግራም ስትልኩለት እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩለት፣ እንደ ቪዲዮ ከሄደ ጥራቱ ይቀንሳል፣ እኔ በዚህ ሁለቴ ነው የላኩት።