ትርፍ ጎማ፦ ሙሉው ወይስ ቀጭኑ?

ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲጓዙ አምባ ጊዮርጊስ አካባቢ የቀኝ የፊት ጎማ ተበሳ እንበል። ከተማዋን ለቀው ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘዋል፤ ደባርቅ ለመድረስ ደግሞ ከ60 በላይ ይቀራል። ጉዞው መቀጠል አለመቀጠሉ የተወሰነው መኪናውን የገዙ ዕለት ነው።

ከኋላ የተጫነው ትርፍ እንደ ሌሎቹ አራቱ ያለ ሙሉ ጎማ ከሆነ ክሪኩን አንስተው ይቀይራሉ፣ ጉዞውን ይቀጥላሉ። ልኩ አንድ እስከሆነና ጎማው ደህና እስከሆነ ድረስ የተለየ የፍጥነትም የርቀትም ገደብ የለበትም።

ቀጭኑ ግን ጊዜያዊ ነው። ጎኑ ላይ ብዙውን ጊዜ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ተብሎ ተጽፎበታል። የርቀቱን ልክ የመኪናው መመሪያ ይወስነዋል፤ ብዙዎቹ አምራቾች 80 ኪሎ ሜትር አካባቢ ያስቀምጣሉ። ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ጎንደር ጎሚስታ ለመመለስ ይበቃል፤ ደባርቅ ደርሶ ለመመለስ ግን አይበቃም።

ሌላም ጣጣ አለው። ዲያሜትሩ ከሌሎቹ ያነሰ ከሆነ የሚነዳው የፊት እግር ላይ ሲታሰር ከጓደኛው ፈጥኖ ስለሚሽከረከር የሁለቱን ጎማዎች የፍጥነት ልዩነት የሚያቻችለው ዲፈረንሻል ያለ ዕረፍት ይሠራል። ስለዚህ በፊት ጎማ በሚነዳ መኪና ቀጭኑን መጀመሪያ ከኋላ ያስሩታል፤ ከኋላ የወጣውን ደህና ጎማ ደግሞ በተበሳው ቦታ ያስገባሉ። በጠባብ የመንገድ ዳር ሁለት ጊዜ ክሪክ ማንሳት ማለት ነው። የወጣው ሙሉ ጎማም ለቀጭኑ በተሠራው ጎድጓዳ ስለማይገባ ከሻንጣ ጋር ይጋፋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አየሩ ላይ ነው። ሙሉው ጎማ የሚሞላው በሹፌሩ በር ክፈፍ ላይ በተለጠፈው ልክ፣ ለአብዛኞቹ የቤት መኪኖች ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ ገደማ ነው። ቀጭኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ 60 ይጠይቃል፤ ትንሽ ሆኖ ክብደት የሚሸከመው በዚሁ ግፊት ነው። የእኔን አንድ ጎሚስታ እንደ ሌሎቹ 32 ሞልቶት ለወራት ተሸክሜው ዞሬአለሁ። በእጅ ሲጫኑት ጠንካራ ስለሚመስል በመለኪያ ካልሆነ አይታወቅም። ማንም ባይነካውም ጎማ በወር አንድ ሁለት ፒኤስአይ ያጣል፤ ስለዚህ በየወሩ፣ ሳይሞቅ ይለካ።

ከጎንደር እስከ አዘዞ ብቻ ለሚመላለስ ሰው ቀጭኑ ይበቃዋል፣ የዕቃ ቦታም ይቆጥብለታል። ወደ ደባርቅ ወይም ወደ መተማ ለሚወጣ ግን እኔ ሙሉውን እመርጣለሁ። ሙሉውን ሲገዙ ጎድጓዳው ውስጥ መግባቱን በራስዎ መኪና ይሞክሩት፤ ወለሉን ሽቅብ የሚገፋ ከሆነ ማሰሪያው አይጠብቅም። የቸርኬው ቡሎን ቀዳዳም ከመኪናው ጋር መግጠሙን እዚያው አስረው ይዩ። ጎማው ጎን ላይ DOT ብሎ የሚጀምረው ጽሑፍ የመጨረሻ አራት አሃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፦ 1815 ማለት የ2015 18ኛ ሳምንት ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም አሥር ዓመት ያለፈውን አይውሰዱ።