ሲግናሉ ፉል፣ ኔቱ ቀርፋፋ፦ ሶኬት ላይ የሚሰካውን «የዋይፋይ ማፍጠኛ» ከመግዛታችሁ በፊት

ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ ሁለት ወይም አራት አንቴና የተተከለበት ነጭ ፕላስቲክ ሳታዩ አትቀሩም። በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ አለ፣ በየቴሌግራም ገበያውም አለ። ሻጮቹ «የዋይፋይ ቡስተር» ይሉታል። ወሬው ሁሌም ያው ነው፦ «ኔት ተንቀራፈፈባችሁ? ይቺን ሰክታችሁ ተገላገሉ፣ ፍጥነቱን እጥፍ ታደርገዋለች።» ዕቃው ራሱ ፎርጅድ አይደለም፣ ሥራም አለው። ውሸቱ የሚነገርለት ነገር ነው። ሲግናል ያደርሳል እንጂ ወደ ቤታችሁ ከሚገባው በላይ ፍጥነት አይጨምርም። አላግባብ ከተሰካ ደግሞ የነበረውንም ይቀንሳል።

ሰውን የሚያሳምነው የሱቁ ማሳያ ነው። ሻጩ ስልካችሁን ይቀበልና ከዕቃው ጋር ያገናኘዋል። ቅድም ግማሽ የነበረው የዋይፋይ ምልክት ወዲያው ይሞላል። «ይኸው፣ ፉል!» ይላል። ገዢውም ብሩን ያወጣል። ሻጩ ግን አንድም ገጽ ከፍቶ አላሳየም። ያሳየው ስልኩ ከፕላስቲኩ አንድ ክንድ ርቀት ላይ መሆኑን ብቻ ነው።

ያቺ ምልክት የምትነግራችሁ አንድ ነገር ነው። ስልኩ ወይም ላፕቶፑ አሁን ከተገናኘው ዕቃ የሚደርሰው የሬድዮ ሞገድ ምን ያህል ጠንካራ ነው? በቃ። ከዚያ ዕቃ ጀርባ ያለውን አታውቅም። ቡስተሩ ራሱ ከራውተሩ ጋር በቅጡ ይገናኝ አይገናኝ አታውቅም። ወደ ቤታችሁ የሚገባው መስመር ስንት ሜጋ እንደሆነም አታውቅም። ካላመናችሁ ከውጭ የሚመጣውን ገመድ ከራውተሩ ላይ ንቀሉና እዩ። ላፕቶፑ «ኢንተርኔት የለም» ሊላችሁ ይችላል፣ የሲግናሉ መጠን ግን ንቅንቅ አይልም።

ሞገዱ ጠንካራ ሆኖም ጥራት ላይኖረው ይችላል። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ሰዎች የዋይፋዩን ዝርዝር ክፈቱትና የጎረቤቶቻችሁን ራውተሮች ስም ተመልከቱ። መዓት ነው። አብዛኞቹ 2.4 ጊጋ ኸርዝ በሚባለው ባንድ ላይ ነው የሚሠሩት። በዚያ ባንድ ላይ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። በአንድ ቻናል ላይ ያለ ሁሉ ተራ ይጠብቃል። ላፕቶፓችሁ መጀመሪያ ያዳምጣል። ሌላው እየላከ ከሆነ ዝም ይላል። ሁለቱ እኩል ከላኩ ይጋጭና እንደገና መላክ ነው። ገጹ ሳይከፈት ያቺ ክብ የምትሽከረከረው ብዙ ጊዜ በዚህ ወረፋ ምክንያት ነው። ወረፋው ደግሞ ሲግናሉ ላይ አይታይም።

አሁን ቡስተሩ ጋ እንምጣ። ርካሾቹ ያላቸው አንድ ሬድዮ ነው። ከራውተሩ የሚቀበሉትም፣ ወደ ላፕቶፑ የሚልኩትም በዚያው ሬድዮ፣ በዚያው ቻናል ነው። ልክ ስብሰባ ላይ እንደሚቆም አስተርጓሚ አስቡት። ተናጋሪው ዝም እስኪል ይሰማል፣ ከዚያ እሱ ይናገራል፣ ያን ጊዜ ደግሞ ተናጋሪው ይጠብቃል። ድምፁ ጎላ ያለ አስተርጓሚ ቢሆንም የአንድ ሰዓቱ ንግግር ሁለት ሰዓት መፍጀቱ አይቀርም። ስለዚህ ሁሉም ነገር በተመቻቸበት ቤት እንኳ በእንዲህ ዓይነቱ ቡስተር በኩል የሚያልፈው ፍጥነት ወደ ግማሽ ይወርዳል። ቻናሉ በጎረቤት ከተጨናነቀ ደግሞ ወረፋውም በእጥፍ ነው።

በቅርቡ ጎረቤቴ ያለች የማስተርስ ተማሪ ይህንኑ ዕቃ ገዝታ ጠራችኝ። «ጋሼ፣ ፉል እኮ ነው የሚለው! የትምህርት ቤቱ ገጽ ግን ጨርሶ አልከፍት አለኝ» አለች። ራውተሩ ሳሎን ነው፣ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ተሸጉጧል። እሷ የምታጠናው ጫፍ ላይ ባለው መኝታ ቤት ነው፣ መሃል ላይ ሁለት የብሎኬት ግድግዳ አለ። ቡስተሩን የሰካችው ጠረጴዛዋ ሥር፣ ከብረት ቁምሳጥኑ ጀርባ ባለው ሶኬት ላይ ነው።

መጀመሪያ ላፕቶፑን በኔትወርክ ገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝተን ፍጥነቱን ለካን። የቤቱ መስመር 10 ሜጋ ነው፣ ከ9 በላይ አሳየ። መስመሩ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ከዚያ ገመዱን ነቅለን መኝታ ቤት ገባንና ዊንዶውስ ላይ ጥቁሩን የትዕዛዝ መስኮት ከፍተን ይህን ጻፍን፦

```
netsh wlan show interfaces
```

በቡስተሩ በኩል ስትገናኝ ያወጣው ይኸን ነበር፦

```
Radio type             : 802.11n
Channel                : 6
Receive rate (Mbps)    : 144.4
Signal                 : 99%
```

99 በመቶ። ሲያዩት ያስጎመጃል። ፍጥነቱ ሲለካ ግን 2.5 ሜጋ አካባቢ ነው። ቡስተሩን ነቅለን ላፕቶፑን በቀጥታ ከሳሎኑ ራውተር ጋር ስናገናኘው ሲግናሉ ወደ 46 በመቶ ወረደ። ፍጥነቱ 7 ሜጋ ሆነ። ልብ በሉ፣ ሲግናሉ በግማሽ ሲቀንስ ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ብሯን ከፍላ የገዛችው ዝግመት ነው።

ምክንያቱን ለማየት ላፕቶፑን ቡስተሩ ተሰክቶበት በነበረው ቦታ፣ ቁምሳጥኑ ጀርባ ወለሉ አጠገብ አድርገን የራውተሩን ሲግናል አነበብን። 30 በመቶ። በቃ፣ ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው። ቡስተሩ የሚሰማው የተዳከመና የተቆራረጠ ነገር ነው። ያንኑ የተቆራረጠ ነገር ጮክ ብሎ ለላፕቶፑ ይደግመዋል። ላፕቶፑ የሚያየው ጩኸቱን ብቻ ስለሆነ «ፉል» ይላል።

144.4 የሚለው ቁጥርም አያታላችሁ። ያ ላፕቶፑና ቡስተሩ በመካከላቸው የተስማሙበት የሬድዮ ፍጥነት ነው እንጂ የኢንተርኔቱ አይደለም። ከዚያም ላይ ቢሆን በተግባር የሚገኘው ግማሽ ቢሆን ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው 300 የሚባለው ነገርም ከዚሁ ዓይነት ነው። ቤታችሁ የሚገባው 10 ሜጋ ከሆነ 300 የተጻፈበትም ሆነ 1200 የተጻፈበት ዕቃ 11ኛዋን ሜጋ ከየት ያመጣታል?

ችግሩ ቤት ውስጥ ይሁን ውጭ መለየት ከፈለጋችሁ ፒንግ የሚባለው ትዕዛዝ በቂ ነው፣ ወደ አንድ አድራሻ ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ ስንት ጊዜ እንደፈጀ ይነግራችኋል። `ipconfig` ብላችሁ ስትጽፉ `Default Gateway` ከሚለው ትይዩ የራውተራችሁ አድራሻ ይወጣል። የእሷ 192.168.1.1 ነበር። እሱንና ኢንተርኔት ላይ ያለውን የጉግል አድራሻ እንዲህ ፒንግ አደረግን፦

```
ping -n 20 192.168.1.1
ping -n 20 8.8.8.8
```

የመጀመሪያው ከላፕቶፑ እስከ ራውተሩ ያለውን ብቻ ይለካል። ራውተሩ አጠገብ ሆናችሁ ስትሞክሩት መልሱ በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ውስጥ፣ ሳይዛነፍ ነው መምጣት ያለበት። በቡስተሩ በኩል ሲሆን አንዴ 8፣ አንዴ 140፣ ከዚያ `Request timed out` ይል ነበር። እንዲህ ካያችሁ በሽታው ዋይፋዩ ላይ ነው። የመጀመሪያው ንጹህ ሆኖ ሁለተኛው ብቻ ከተዘበራረቀ ግን ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው። ያን ጊዜ መደወል ያለባችሁ መስመሩን ለሚያቀርብላችሁ ድርጅት ነው፣ ከሱቅ የሚገዛ ምንም ዕቃ አያድናችሁም።

ብር ሳይወጣ የሚሞከር ነገር አለ። ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጡትና ከፍ ያለ፣ ገላጣ ቦታ ላይ አስቀምጡት። የራውተሩ ገጽ ውስጥ ገብታችሁ ቻናሉን ከ1፣ ከ6 እና ከ11 ጎረቤት ወዳልበዛበት ቀይሩት። ራውተራችሁ 5 ጊጋ ኸርዝም ካለው እሱን ሞክሩት። ግድግዳ ሲያልፍ ቶሎ ስለሚደክም ሲግናሉ ያነሰ ነው የሚመስለው። ግን ቻናሎቹ ብዙ ናቸው፣ ወረፋውም ያነሰ ነው። ስለዚህ በግማሽ ሲግናል ገጾቹ እየተፈተለኩ ሊከፈቱ ይችላሉ። ብዙ ሰው ግን «ሲግናሉ ይቀንሳል» ብሎ ወደ 2.4ቱ ይመለሳል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ቡስተሩን አስቀድማችሁ ገዝታችሁት ከሆነ አትጣሉት። ኔት የማይደርስበት ክፍል ሳይሆን ገና በደንብ የሚደርስበት መሃል ቦታ ላይ ነው የሚሰካው። ላፕቶፑን ይዛችሁ እየተዘዋወራችሁ የራውተሩ ሲግናል ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆንበትን ሶኬት ፈልጉ። እዚያ ስትሰኩት ላፕቶፑ ላይ ሲግናሉ ፉል ላይሆን ይችላል፣ ግድ የለም።

ከሁሉም የሚሻለው ግን ገመድ ነው። ብዙዎቹ ቡስተሮች ከሥራቸው የኔትወርክ ገመድ ቀዳዳ አላቸው። ከራውተሩ እስከ ክፍሉ ገመድ ይዘረጋና ዕቃው በ`AP` ሞድ ላይ ይደረጋል። ያን ጊዜ የሚሰማው በገመድ፣ የሚናገረው በሬድዮ ይሆናል። ግማሽ መሆን ቀረ። ለጎረቤቴም ያደረግንላት ይህንኑ ነው። በኮሪደሩ ጠርዝ በኩል ገመድ ሳብንላት፣ ዕቃውን ከቁምሳጥኑ ጀርባ አውጥተን ጠረጴዛው ላይ አደረግነው። ፍጥነቱ ከ9 ሜጋ በላይ ሆነ። ሲግናሉ ድሮም ፉል ነበር፣ አሁንም ፉል ነው።

ከዚያ በፊት ግን ዕቃውን ልትመልስ ሱቅ ሄዳ ነበር። ሻጩ ሰካውና ስልኩን አሳያት። «ይኸው ፉል እያለ ምኑ ነው የተበላሸው?» ብሎ መለሳት። ገመድ መዘርጋት የማይቻልበት ቤት ሆኖ የግድ የምትገዙ ከሆነ፣ ብሩን ከማውጣታችሁ በፊት በ2.4ም በ5 ጊጋ ኸርዝም የሚሠራና የገመድ ቀዳዳ ያለው መሆኑን አረጋግጡ። ደረሰኙ ላይም «ፍጥነት ካላሻሻለ በሦስት ቀን ውስጥ ይመለሳል» ብሎ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁት። ፍጥነት የሚለው ቃል ይግባበት፣ ሲግናል ብሎ ከጻፈ አትቀበሉት።