ሲቪ በቃል ማጣራት ወይስ በትርጉም ማጣራት? ለደሴና ለኮምቦልቻ ቀጣሪዎች የቀረበ ንጽጽር

ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ የሒሳብ ሠራተኛ ለመቅጠር ማስታወቂያ አወጣና 300 ማመልከቻ መጣለት እንበል። መስፈርቶቹ ሦስት ናቸው፦ ፒችትሪ መጠቀም፣ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ፣ የደረጃ 4 ሲኦሲ። ለማጣሪያ የሚቀርቡለት ሶፍትዌሮች ደግሞ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የተሰጠውን ቃል ፊደል በፊደል ይፈልጋል። ሌላው ጽሑፉን ወደ ቁጥሮች ረድፍ ቀይሮ ትርጉሙ ለመስፈርቱ ምን ያህል እንደሚቀርብ ነጥብ ይሰጣል።

በቃል የሚያጣራው ርካሽና ግልጽ ነው፤ አንድ ሰው ለምን እንደወደቀ በቀላሉ ይታያል። አማርኛ ላይ ግን ፊደላችን ይፈትነዋል። ሂ፣ ሒ እና ኂ ለጆሮ አንድ ድምፅ ቢሆኑም ለኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ሳ እና ሣም እንደዚሁ። ስለዚህ «ሒሳብ» ብቻውን ስድስት አጻጻፍ አለው። ማስታወቂያው በሒ፣ ሲቪው በሂ ከተጻፈ ጎበዙ ሠራተኛ ሳይታይ ይቀራል። ቅጥያም ሌላ ጣጣ አለው። ሶፍትዌሩ ሙሉ ቃል ብቻ የሚፈልግ ከሆነ «የሒሳብ» እና «በሒሳብ» ያመልጡታል። በቃል ውስጥ ክፋይ የሚፈልግ ከሆነ እነዚህን ያገኛል፤ «ሒሳቡ»ን ግን አያገኝም፣ ምክንያቱም መጨረሻው ብ ሳይሆን ቡ ሆኗል። መፍትሔው ሶፍትዌሩ በየቅንፉ ካሉት ፊደላት አንዱን የሚያዛምድ እንዲህ ያለ የፍለጋ ቅርጽ መቀበሉ ነው፦

```
[ሂሒኂ][ሳሣ][በ-ቦ]
```

ሻጩን «ይህን ይቀበላል ወይ? ካልተቀበለ ሞክሼ ፊደላትን ከመፈለጉ በፊት አንድ ያደርጋል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ሁለቱንም የማያደርግ ከሆነ ለአማርኛ ሲቪ አንገዛውም ነበር።

በትርጉም የሚያጣራው «በየወሩ ከባንክ የሚመጣውን መግለጫ ከመዝገባችን ጋር አመሳክር ነበር» የሚለውን ሲያይ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ መሆኑን የመረዳት ዕድል አለው። ሠራተኛው የሥራውን ስም ባይጠራውም ሥራውን ገልጿልና። ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ነው። ድክመቱ ግን ተቀራራቢ ነገሮችን መቀላቀሉ ነው። ደረጃ 3 እና ደረጃ 4፣ ክር መፍተልና ሽመና ለሱ ጎረቤት ናቸው፤ ለቀጣሪው ግን የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። አሉታም በደንብ አይለይም፦ «ፒችትሪ ሠርቼ አላውቅም» የሚለው ከ«ፒችትሪ ሠርቻለሁ» ብዙም ላይርቅ ይችላል። ቃል ፈላጊውም እዚህ ላይ ያው ይሳሳታል፤ «ፒችትሪ»ን አግኝቶ ያሳልፈዋል።

ብዙ ገዢ የማይጠይቀው የጽሑፉን ርዝመት ነው። በትርጉም የሚያጣሩት ሞዴሎች በአንድ ጊዜ የሚያነቡት የተወሰነ ብዛት ያለው የቃል ቁራጭ ነው፤ 512 ቁራጭ የተለመደ ወሰን ነው። የአማርኛ ቃል ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ በርካታ ቁራጮች ይከፋፈላል። ሲቪው በአንቀጽ ተከፍሎ ካልተነበበ በሁለተኛው ገጽ ያለው የሥራ ልምድ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ነጥቡም በራሱ አይታመንም፦ አንዳንዱ ሞዴል ለማይገናኙ ጽሑፎች እንኳ ከ0.7 በላይ ይሰጣል፤ ስለዚህ ማለፊያው በራስ ሲቪዎች ተሞክሮ ይወሰን እንጂ ከሻጩ ቃል አይወሰድ።

ከመግዛት በፊት የግማሽ ቀን ሙከራ በቂ ነው። የአንድ ጥሩ ሠራተኛን ሲቪ ስሙን አጥፍተው በአራት ቅጂ ያዘጋጁ፦ አንዱ በሒ፣ አንዱ በሂ፣ አንዱ «ፒችትሪ»ን በ`Peachtree` የተካ፣ አንዱ የባንኩን ሥራ በዐረፍተ ነገር ብቻ የገለጸ። አምስተኛው «ሠርቼ አላውቅም» የሚል ይሁን። አራቱ ተቀራራቢ ቦታ ይዘው አምስተኛው ወደ ታች ከወረደ ሶፍትዌሩ ይሠራል፤ በቃል የሚያጣራው ግን በመጨረሻዎቹ ሁለት ላይ እንደሚሳሳት ከወዲሁ ይታወቃል። በዩኒኮድ ሳይሆን በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ፋይልም ይጨምሩበት፤ ጽሑፉ ሲወጣ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ከሆነ ሁለቱም ዓይነት አይረዱትም።

ለዚህ ፋብሪካ የምንመክረው ሲኦሲውንና ደረጃውን በቃል፣ የባንኩን ሥራ በትርጉም ማጣራትን ነው፤ ፒችትሪንም በሁለቱም አጻጻፍ በቃል መፈለግ ይሻላል። አመልካቹ ከ50 በታች ለሆነ ሌላ ቀጣሪ ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ የሚሰጥ ካልተገኘ በቃል የሚያጣራው ይበቃል፤ የወደቁትን ማኅደሮች አንድ ሰው በአንድ ቀን ሊያያቸው ይችላል።

አመልካችም የትኛው እንደሚያጣራው ስለማያውቅ ለሁለቱም መጻፍ አለበት። የማስታወቂያውን ቃል በራሱ አጻጻፍ ያስቀምጥ፣ የሶፍትዌር ስም በሁለቱም ፊደል ይጻፍ፣ ከዚያ ሥራውን በሙሉ ዐረፍተ ነገር ያስረዳ፦ «የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ፦ የሦስት ባንኮችን መግለጫ በየወሩ በፒችትሪ (`Peachtree`) ካለው መዝገብ ጋር አመሳክሬ ልዩነቱን አስተካክል ነበር።» 30 ክህሎት በአንድ መስመር መደርደር ግን በትርጉም አጣሪው ዘንድ ይጎዳል። ሁሉም በአንድ የቁጥር ረድፍ ስለሚቀላቀሉ ዋናው ክህሎት ይደበዝዛል።