ሞኖሊት ወይስ ማይክሮሰርቪስ? ሦስት ዴቨሎፐርና አንድ ምርት ላለው ጀማሪ ኩባንያ

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ቢሮ የተከራየ አንድ ጀማሪ ኩባንያ አለ እንበል። ዴቨሎፐሮቹ ሦስት ናቸው፤ ምርታቸውም አንድ ነው። በኮዬ ፈጬ፣ በገላንና በአቅራቢያው ያሉ ባለሱቆች ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙናና የመሳሰለውን ሸቀጥ ከጅምላ አከፋፋይ በስልካቸው የሚያዝዙበት መተግበሪያ ነው። ኩባንያው ሥራውን ለራሱ ሠራተኞች ቢሰጥም ለውጭ ባለሙያ ቢያሠራም፣ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ሶፍትዌሩ በምን ዓይነት አወቃቀር እንደሚሠራ መወሰን ይኖርበታል።

በሞኖሊት አወቃቀር የትእዛዝ፣ የክምችት፣ የክፍያና የመልእክት ሥራ ሁሉ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ይገኛል፤ በአብዛኛውም አንድ ዳታቤዝ ይጠቀማል። በማይክሮሰርቪስ አወቃቀር ግን እያንዳንዱ ሥራ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ይሆናል፤ የየራሱ ዳታቤዝ ይኖረዋል፣ ከሌሎቹም ጋር የሚነጋገረው በኔትወርክ ነው። በእኔ እምነት ለዚህ ኩባንያ የሚበጀው ሞኖሊት ነው፤ ይህም ክፍሎቹ በውስጡ በጥብቅ እንዲለያዩ ከተደረገ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ሆኖ የሚታየው አንድ ትእዛዝ በሁለቱ አወቃቀሮች ውስጥ የሚያልፍበትን መንገድ ስንከተል ነው።

የአራት ካርቶን ዘይት ትእዛዝ

በመጋዘኑ 6 ካርቶን ዘይት ቀርቷል፤ አንዲት ባለሱቅ 4 ካርቶን አዘዘች። ሁለት ነገሮች መፈጸም አለባቸው፦ ከክምችቱ 4 መቀነስና ትእዛዙ መመዝገብ። አንደኛው ተፈጽሞ ሌላኛው ከቀረ መዝገቡ ከእውነታው ይለያል። በሞኖሊት፣ ለምሳሌ በPostgreSQL ዳታቤዝ ላይ፣ ይህ ሁሉ በአንድ ትራንዛክሽን፣ ማለትም ወይ ሁሉም አብሮ በሚፈጸምበት ወይ ሁሉም አብሮ በሚቀርበት አሠራር፣ ያልቃል፦

```sql
BEGIN;
UPDATE stock SET qty = qty - 4
 WHERE item_id = 12 AND qty >= 4;
INSERT INTO orders (shop_id, item_id, qty, status)
VALUES (7, 12, 4, 'NEW');
COMMIT;
```

ፕሮግራሙ ከ`UPDATE` በኋላ ስንት ረድፍ እንደተለወጠ ያያል፤ ምንም ካልተለወጠ `ROLLBACK` ብሎ ሁሉንም ይሰርዝና ለባለሱቋ ዕቃው እንደማይበቃ ይነግራታል። በዚያው ቅጽበት ሌላ ባለሱቅ እንዲሁ 4 ካርቶን ቢያዝዝ፣ ዳታቤዙ የመጀመሪያው ትእዛዝ እስኪያልቅ ሁለተኛውን ያስጠብቀዋል፤ ከዚያም የቀረውን 2 አይቶ ቅነሳውን አይፈጽምም። መሐል ላይ መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ ቢቆም እንኳ፣ ያልተጠናቀቀው ትራንዛክሽን እንዳልነበረ ይቆጠራል። ዴቨሎፐሮቹ ለዚህ ሁሉ የጻፉት ከላይ ያሉትን ጥቂት መስመሮች ብቻ ነው።

ያው ትእዛዝ በማይክሮሰርቪስ ሲሄድ፣ የትእዛዝ ሰርቪሱ ለክምችት ሰርቪሱ «4 ካርቶን ቀንስ» የሚል ጥያቄ በኔትወርክ ይልካል። የክምችት ሰርቪሱ ጥያቄውን ተቀብሎ 6ቱን ወደ 2 ያወርዳል፤ ነገር ግን መልሱ በመንገድ ላይ ይጠፋል ወይም ይዘገያል። የትእዛዝ ሰርቪሱ የተሰጠው የመጠበቂያ ጊዜ ሲያልቅ የሚያውቀው መልስ አለመምጣቱን ብቻ ነው። ጥያቄው ጭራሽ አልደረሰ ይሆን፣ ደርሶ ሳይፈጸም ቀርቶ ይሆን፣ ወይስ ተፈጽሞ መልሱ ብቻ ጠፍቶ ይሆን፣ ለይቶ ማወቅ አይችልም። ስለዚህ ጥያቄውን ደግሞ ይልካል። ሁለተኛው ጥያቄ ሲደርስ በመዝገቡ ላይ ያለው 2 ብቻ ስለሆነ «አይበቃም» የሚል መልስ ይመለሳል። ባለሱቋ ዘይት የለም ተብላ ትሄዳለች፤ በመጋዘኑ መደርደሪያ ላይ ግን 6ቱም ካርቶን እንዳለ ተቀምጧል። ክምችቱ መጀመሪያ 10 ቢሆን ኖሮ ደግሞ 4 ካርቶን ሁለት ጊዜ ተቀንሶ ትእዛዙ አንዴ ብቻ ይመዘገብ ነበር።

ለዚህ የታወቀ መፍትሔ አለ። የትእዛዝ ሰርቪሱ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የማይደገም ቁጥር ይሰጣል፤ የክምችት ሰርቪሱም ቅነሳውን በሚፈጽምበት በዚያው ትራንዛክሽን ቁጥሩን ይመዘግባል። ያው ቁጥር ዳግም ከመጣ አይቀንስም፤ የቀድሞውን መልስ ይመልሳል። ይህ ግን የሚፈታው የድግግሞሹን ችግር ብቻ ነው። ክምችቱ ከተቀነሰ በኋላ የትእዛዝ ሰርቪሱ ራሱ ቢወድቅ፣ የተያዘውን ዕቃ የሚመልስ ሌላ ሥራ መጻፍ አለበት፤ ያ መላሽ ሥራ ቢወድቅስ የሚለውም መታሰብ አለበት። እነዚህ ሁሉ ሊሠሩ የሚችሉ ነገሮች ናቸው፤ ትልልቅ ድርጅቶችም በየቀኑ ይሠሯቸዋል። ሦስት ሰዎች ብቻ ላሉት ኩባንያ ግን ለባለሱቆቹ የሚታይ አንድም አዲስ ነገር ሳይጨምሩ ሳምንታት የሚበሉ ሥራዎች ናቸው።

የዚህ ዓይነቱ ስህተት በስህተት መዝገብ ላይ በቀይ ጽሑፍ አይወጣም። የሚታወቀው `PENDING` በሚል ሁኔታ ለሰዓታት የቆሙ ትእዛዞች ሲከማቹ፣ ወይም የመጋዘን ጠባቂው ማታ ቆጥሮ ያገኘው በስክሪኑ ካለው ጋር አልገጥም ሲለው ነው። ያኔ ምክንያቱን ለማግኘት የሁለቱንም ሰርቪሶች ሎግ በሰዓትና በትእዛዝ ቁጥር እያስተያዩ መፈለግ ያስፈልጋል፤ የትእዛዙ ቁጥር በሁለቱም ሎጎች ላይ እንዲጻፍ አስቀድሞ ካልታሰበበት ደግሞ ፍለጋው ግምት ብቻ ይሆናል።

ሞኖሊትም ቢሆን ከኔትወርክ ችግር ፈጽሞ ነጻ እንዳልሆነ መናገር ተገቢ ነው። ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ የሚፈጸም ከሆነ፣ ከክፍያ ድርጅቱ የሚመጣው ማረጋገጫ ሁለት ጊዜ ሊመጣ ወይም ጨርሶ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ የማይደገም ቁጥር እዚያ የግድ ነው። ልዩነቱ ግን በሞኖሊት ይህ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ምርቱ ከውጭው ዓለም ጋር በሚገናኝባቸው ጥቂት በሮች ላይ ብቻ መሆኑ ነው። በማይክሮሰርቪስ እነዚያኑ በሮች በቤቱ ውስጥ በእያንዳንዱ ክፍል መካከል እንሠራለን።

ቢሮው፣ ላፕቶፑና የሦስቱ ሰዎች ጊዜ

በከተማዋ ዳርቻ የሚሠራ ሰው መብራትና ኢንተርኔት መቋረጡን በዕቅዱ ውስጥ ማስገባቱ አይቀርም። ሞኖሊቱና አንድ ዳታቤዝ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው ላፕቶፕ ላይ ያለ ችግር ይሠራሉ፤ መስመር ቢቋረጥም ዴቨሎፐሩ ከትእዛዝ እስከ ክፍያ ያለውን መንገድ እዚያው በማሽኑ ላይ መፈተን ይችላል። አምስት ሰርቪሶችን ከነዳታቤዞቻቸው፣ በመካከላቸው መልእክት ከሚያመላልሰው እንደ RabbitMQ ካለ ፕሮግራም ጋር በዚያው ላፕቶፕ ላይ ማስነሣት ግን ሜሞሪውን ያጨናንቃል፤ ባትሪውንም ቶሎ ይጨርሳል። አማራጩ ሁሉም የሚጋሩት የሙከራ ሰርቨር ክላውድ ላይ መከራየት ነው፤ የዚህ ኪራይ ብዙውን ጊዜ በዶላር የሚከፈል ከመሆኑም በላይ፣ ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር ሦስቱም ሥራ ይፈታሉ።

አነስተኛ የሚመስል ለውጥም ዋጋው ይለያያል። ለምሳሌ የዕቃ መጠን በካርቶን ብቻ ሳይሆን በፍሬም ይታዘዝ ቢባል፣ በሞኖሊት ለውጡ በአንድ ላይ ተጽፎ፣ ተፈትኖና ተጭኖ ያልቃል። በማይክሮሰርቪስ መጀመሪያ የክምችት ሰርቪሱ አሮጌውንም አዲሱንም አጻጻፍ እንዲቀበል ይደረጋል፤ ቀጥሎ የትእዛዝ ሰርቪሱ በአዲሱ እንዲልክ ይለወጣል፤ በመጨረሻም አሮጌው ይወገዳል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ትእዛዝ መቀበል ይቆማል።

ስለ አስተማማኝነት የሚነገረውም በቁጥር ቢታይ ይሻላል። አንድ ሰርቪስ በወር ውስጥ 99.5 በመቶ የሚሆነውን ጊዜ ይሠራል ብንል፣ በ30 ቀን ውስጥ የሚቆመው 3.6 ሰዓት ያህል ነው። አንድ ትእዛዝ እንዲያልፍ አምስት እንዲህ ያሉ ሰርቪሶች ተከታትለው መልስ መስጠት ካለባቸውና አንዱ የሚወድቀው ከሌላው ተለይቶ ከሆነ፣ ሁሉም አብረው የሚሠሩበት ጊዜ ወደ 97.5 በመቶ ይወርዳል፤ ይህም ወደ 18 ሰዓት የሚጠጋ መቋረጥ ነው። በአንጻሩ ሞኖሊት ሲወድቅ ሁሉም ነገር አብሮ ይወድቃል፤ አንድ ከባድ የወር መጨረሻ ሪፖርት ሜሞሪውን ቢጨርስ ትእዛዝ መቀበልም ይቆማል። ይህ እውነተኛ ድክመት ነው። ነገር ግን ሪፖርቱን ከዚያው ኮድ በሚነሣ ሌላ ፕሮሰስ ማሠራትና ዋናውን ፕሮግራም በሁለት ቅጂ ማስኬድ ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ለዚህ ሲባል ኮዱን መበታተን አያስፈልግም።

ማይክሮሰርቪስ የሚያዋጣበት ሁኔታ

ሜልቪን ኮንዌይ በ1968 እንደጻፈው፣ ድርጅቶች የሚሠሩት ሥርዓት የራሳቸውን የግንኙነት መዋቅር ይመስላል። ማይክሮሰርቪስ በዋናነት የሚፈታው ብዙ ቡድኖች አንድ ኮድ ላይ ተጨናንቀው፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ማለቅ ሳይጠብቅ የራሱን መልቀቅ ሲያቅተው የሚመጣውን ችግር ነው። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡ ሦስት ሰዎች ይህ ችግር የለባቸውም፤ አምስት ሰርቪስ ቢያቆሙ ግን አንዱ በታመመ ቀን የእርሱን ሰርቪስ የሚያውቅ ሰው አይኖርም። ከብዙ ቡድን ሌላ ሁለተኛው በቂ ምክንያት አንዱ ክፍል ከሌላው እጅግ የተለየ ጫና ያለበት መሆኑ ነው፤ ለምሳሌ የማድረሻ መኪኖች ያሉበት ቦታ በየጥቂት ሰከንዱ የሚመዘገብ ከሆነ፣ ያን ክፍል ብቻ ነጥሎ ማውጣት ተገቢ ይሆናል።

ትልቅ መሆንም ብቻውን ምክንያት አይሆንም። የአማዞን ፕራይም ቪዲዮ መሐንዲሶች የቪዲዮ ጥራት መከታተያ መሣሪያቸውን ከተበታተኑ ክፍሎች ወደ አንድ ፕሮሰስ በማምጣት የመሠረተ ልማት ወጪውን ከ90 በመቶ በላይ እንደቀነሱ በ2023 ጽፈዋል። ይህ የአንድ መሣሪያ ታሪክ እንጂ የድርጅቱ ሁሉ ታሪክ አይደለም፤ ቢሆንም ሰርቪስ የሚበዛው የሥራው ጠባይ ሲጠይቅ ብቻ መሆን እንዳለበት በደንብ ያሳያል።

ሞኖሊቱ ሲሠራ በውሉ ላይ መጻፍ ያለበት

ሞኖሊት የሚበላሸው ሁሉም ኮድ የሁሉንም ሰንጠረዥ እንደፈለገ ሲነካ ነው። ስለዚህ አሠሪው ከሚጠይቃቸው ነገሮች ዋናው የትእዛዝ፣ የክምችት፣ የክፍያና የመልእክት ኮድ በየራሱ ሞጁል እንዲቀመጥ፣ የእያንዳንዱም ሰንጠረዦች በዳታቤዙ ውስጥ በየራሳቸው ስኪማ እንዲለዩ ነው። የክፍያ ሞጁል ስለ ክምችት ማወቅ ከፈለገ የክምችት ሞጁሉን ፋንክሽን ይጥራ እንጂ ሰንጠረዡን በቀጥታ አያንብብ። ደንቡ በቃል ብቻ ከቀረ የሥራ ጥድፊያ በመጣ ጊዜ ይጣሳል፤ ስለዚህ ኮድ በገባ ቁጥር ድንበር የጣሰውን የሚመልስ አውቶማቲክ ፍተሻ አብሮ መኖር አለበት።

አጭር የጽሑፍ መልእክት የመላክ ሥራ ደግሞ ከትእዛዙ ትራንዛክሽን ውጭ መሆን ይገባዋል። ትእዛዙ ሲመዘገብ የሚላከው መልእክት በዚያው ትራንዛክሽን በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ይጻፋል፤ ሌላ ፕሮሰስ እያነበበ ይልካል፣ ካልተሳካለትም ደግሞ ይሞክራል። አንድ ቀን ከሞኖሊቱ የሚወጣ ክፍል ቢኖር፣ ያለ ብዙ ጉዳት የሚወጣው ይህ ነው። ትእዛዝና ክምችት ግን በአንድ ትራንዛክሽን የተሳሰሩ በመሆናቸው፣ ኩባንያው የቱንም ያህል ቢያድግ ከሁሉም መጨረሻ ላይ የሚለያዩ መሆን አለባቸው።