የደበዘዘ ፎቶ ላይ ልብስ ልታስቀይሩ ከሆነ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ፎቶ ቤት 1,500 ብር ቀብድ ወስዶብኝ የማልሰቅለው ፎቶ ሰጥቶኛል። ስሙን አልጠራም። ሥራው የተበላሸው የት ላይ እንደሆነ ግን አሁን በደንብ ስለገባኝ ሌላ ሰው እንዳይደርስበት እጽፋለሁ።

እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት። ለታናሽ እህቴ ምርቃት ያሠራችው የሀበሻ ቀሚስ ሳጥን ውስጥ አለ፤ ለብሳው ፎቶ አልተነሳችም። የእህቴ ሰርግ ሲደርስ፣ እናታችን ያንን ቀሚስ ለብሳ የምትታይበት ፎቶ ግድግዳው ላይ እንዲኖር ፈለግን። ያለን ፎቶ አንድ ነው። ከጎረቤቶቿ ጋር በሹራብ የቆመችበት፣ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ የድሮ ፎቶ ነው። ትንሽ ደብዝዟል።

የፎቶ ቤቱ ልጅ «ችግር የለውም እህቴ፣ በቴሌግራም ላኪልን፣ በኤአይ እናጠራዋለን» አለኝ። ፎቶውን ከነመስታወቱ በስልኬ አነሳሁና ላክሁ። የቀሚሱንም ፎቶ ማታ በአምፖል አንስቼ ጨመርሁ። ከአምስት ቀን በኋላ 30 በ40 ታትሞ መጣ።

ከሩቅ ያምራል። ቀረብ ስትሉ ግን የጥለቱ መስመሮች እንደቀለጠ ሻማ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። አረንጓዴውና ወርቃማው ክር የት ላይ እንደሚለያይ አይታወቅም። ነጩ ጨርቅ ላይ የማር እንጀራ የመሰለ ነጠብጣብ አለ። ከሁሉ የከፋው ፊቷ ነው። የማላውቃት፣ ቆዳዋ እንደ ፕላስቲክ የለሰለሰ ሴት ሆናለች። እህቴ አየችውና ምንም ሳትናገር ወጣች።

የአጎቴ ልጅ ኮምቦልቻ የኅትመት ሥራ ላይ ነው። ዋናውን ፎቶና ቀሚሱን ይዤ በሐረጎ ቁልቁል ወረድሁ። መጀመሪያ የጠየቀኝ «የሠሩበት ፋይል ስንት ፒክስል ነው?» ብሎ ነው። አላውቅም ነበር። እናንተ ግን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ጥያቄ ጠይቁ።

ቴሌግራም ምስልን እንደ ተራ ፎቶ ስትልኩት ያሳንሰዋል። በተለመደው አላላክ ረጅሙ ጎኑ 1280 ፒክስል ይሆናል፤ በዚያ ላይ ይጨመቃል። የኔ ፎቶ ውስጥ ክፈፉና ግድግዳውም ስለነበሩ ለእናቴ የቀረላት ወርድ ወደ 250 ፒክስል ነው። ያንን 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲዘረጉት በአንድ ኢንች 21 ፒክስል ገደማ ይደርሳል። ለጥሩ ኅትመት ከ200 በላይ ይፈለጋል። የጎደለውን ሁሉ ማሽኑ ከራሱ ፈጥሮ ሞላው። ስለዚህ የሚላክ ፎቶ ካላችሁ ማያያዣውን ነክታችሁ `File` በሚለው በኩል ላኩ። ያኔ ሳይቀነስ ይደርሳል። ስክሪንሾት ግን በፍጹም አትላኩ።

የማር እንጀራው ነገር ደግሞ ከወረቀቱ የመጣ ነው። ብዙ የድሮ ፎቶዎች የታተሙት ፊቱ ሸካራ በሆነ ወረቀት ላይ ነው። ብርሃን በጎን ሲያርፍበት እያንዳንዱ ጉብታ ጥላ ይጥላል። ማጥሪያው ፕሮግራም ይህንን የጨርቅ ሽመና ነው ብሎ ያጎላዋል። የልብሱ ሥራ ከዚያ በኋላ ሲመጣ ጥፋቱ ቀሚሱ ላይ ይሰፋል።

የአጎቴ ልጅ እንዲህ አደረገ። ፎቶውን ከመስታወቱ አወጣ። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጠረገ። በጠፍጣፋ ስካነር በ600 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 600 ፒክስል፣ አነሳው። የስካነሩን አውቶማቲክ ማጥሪያ አጠፋ፤ ፋይሉንም በPNG አስቀመጠ። ከዚያ ፎቶውን ራስጌውን ወደ ግርጌ አዙሮ ድጋሚ ስካን አደረገ። ሁለቱን ኮምፒውተር ላይ አስተካክሎ ደራርቦ የላይኛውን ግልጽነት 50 በመቶ አደረገው። የስካነሩ መብራት ከአንድ ወገን ብቻ ስለሚመጣ የወረቀቱ ጥላዎች በሁለቱ ስካኖች ላይ ተቃራኒ ናቸው፤ ሲደረቡ ይጠፋፋሉ። ዓይኔ እያየ የማር እንጀራው ጠፋ። የእናቴ ወርድም ከ250 ወደ 880 ፒክስል ገደማ አደገ። ከ600 በላይ ስካን ማድረግ ለእንዲህ ዓይነት ወረቀት ፋይሉን ከማወፈር በቀር የሚጨምረው ነገር የለም አለኝ።

ቀጥሎ የመጣው ቅደም ተከተል ነው። ፎቶ ቤቱ መጀመሪያ አጥርቶ ኋላ አሳደገ። ማጥራት ማለት የጠርዞችን ልዩነት ማጉላት ነው፤ ቆሻሻ ካለ ቆሻሻውንም ያጎላል። የአጎቴ ልጅ ግን መጀመሪያ ነጠብጣቡን በስሱ ቀነሰ። በስሱ ነው ያልሁት፤ ሙሉ በሙሉ ከተወለወለ ፊት ፕላስቲክ ይሆናል። ከዚያ በሁለት እጥፍ ብቻ አሳደገው። «በአራት እጥፍ ካልሁት ከእትዬ ይልቅ የማሽኑ ፈጠራ ይበዛል» አለ። ፊቷን ግን ፕሮግራሙ እንዳይነካው ሸፈነው። ከስካኑ እንዳለ ተወው። ማጥራቱን መጨረሻ ላይ፣ ለኅትመቱ መጠን ካስተካከለ በኋላ አደረገው።

እኔ ጨርሶ ያላሰብሁት ነገር ደግሞ ይህ ነበር። የጥለቱ ጥራት የሚመጣው ከእናቴ የድሮ ፎቶ አይደለም። በሹራብ ፎቶ ውስጥ ጥለት የለም። የሚመጣው ከቀሚሱ ፎቶ ነው። የኔ የማታ ፎቶ በጨለማ ስለተነሳ ነጠብጣብ የሞላው ነበር፤ እጄም ተንቀጥቅጧል። የአጎቴ ልጅ ቀሚሱን መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት ቦታ ዘርግቶ አነሳው። አንድ ፎቶ ለሙሉ ቀሚሱ፣ ሌሎች ሦስት ደግሞ ጥለቱ ብቻ ምስሉን እንዲሞላ ተጠግቶ። ስልኩን በዲጂታል ዙም ሳይሆን በእግሩ ቀረብ ብሎ፣ ክርኑን ወንበር ላይ አስደግፎ ነው ያነሳው። ስክሪኑ ላይ ሲያሳድገው እያንዳንዱ ክር ይቆጠራል። ልብሱን ለማልበስ እሱም ኤአይ ተጠቅሟል፤ ግን ኤአዩ የሰጠውን ቀሚስ ለቅርጹና ለእጥፋቱ ብቻ ተጠቀመበት፤ ጥለቱን ከእውነተኛው ፎቶ ወስዶ በእጁ አለበሰው።

አንድ ችግር ቀረ። ቀሚሱ ከፊቷ በላይ ጠራና ተቆርጦ የተለጠፈ መሰለ። ቀሚሱን ትንሽ አለዘበው፤ በሁለቱም ላይ ተመሳሳይ ስስ ነጠብጣብ በተነበት። ያኔ አንድ ፎቶ ሆኑ። መጠኑንም 30 በ40 ይሁን ስለው እምቢ አለ። 20 በ30 ላይ በኢንች 220 ፒክስል ገደማ ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ ፎቶው አይችልም አለኝ።

የማይሆንም አለ። ካሜራው በደንብ ያላነጣጠረበት ወይም ሰውየው ሲንቀሳቀስ የተነሳ ፊት በየትኛውም ፕሮግራም አይመለስም። የእናቴ ፊት ስካኑ ላይ ወደ 280 ፒክስል ወርድ ነበረው። የቴሌግራሙ ላይ ከ100 በታች ነበር። እንዲህ ያለውን «እናጠራዋለን» የሚላችሁ ሰው ሌላ ፊት ሊሠራላችሁ ነው።

ስለዚህ ፎቶ ቤት ስትሄዱ ዋናውን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያው ስካን አድርገው ፒክስሉን ያሳዩአችሁ። ቀሪውን ከመክፈላችሁ በፊት ፋይሉን ኮምፒውተር ላይ 100 ፐርሰንት አስከፍቱ። ስልክ ላይ አትዩት፤ ስልክ ላይ ሁሉም ያምራል። መጀመሪያ ጥለቱ በእጥፋት ላይ ሲታጠፍ መስመሮቹ ሳይቀልጡ መቀጠላቸውን እዩ። ከዚያ በልብሱ ጠርዝ ዙሪያ ነጭ ክር የመሰለ ብርሃን ካለ ከልክ በላይ ተጠርቷል ማለት ነው። ፊቱን ደግሞ ከመጀመሪያው ፎቶ ጋር ጎን ለጎን አስደርጉ።

እኔ ቀሪውን 1,000 ብር አልከፈልሁም። ቀብዱን መልሱልኝ ብዬ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ «ሥራው ተሠርቷል» ነው መልሳቸው። የኮምቦልቻው ፎቶ ሳሎን ተሰቅሏል። እህቴ በሰርጓ ዋዜማ ጥለቱን በጣቷ ስትነካ አየኋት።