የሐበሻ ጥድ ወይስ ነጭ ባሕር ዛፍ? ለግቢ አግዳሚ ወንበር

መበስበስ፦ የጥድ ቀይ ውስጡ ዝናብ እየመታውም ለብዙ ዓመት ይቆያል፤ ለአጥር ቋሚ የሚፈለገውም ለዚሁ ነው። የውጭው ነጭ ክፍል ግን ቶሎ ይበሰብሳል። ስለዚህ ጣውላ ስትገዙ ጠርዙን እዩ፤ ነጭ ከበዛበት የከፈላችሁት ለስሙ ብቻ ነው። ባሕር ዛፍ አፈር ወይም እርጥብ ሲሚንቶ ከነካ ቶሎ ይበላሻል።

መጣመም፦ እዚህ ላይ ባሕር ዛፍ ክፉኛ ይሸነፋል። ሲደርቅ በጣም ይሸበሸባል፣ ግንዱ ውስጥ የታመቀው ውጥረትም ሲሰነጠቅ ይለቀቅና ጣውላው ይጎብጣል። እርጥቡን ገዝቶ ወዲያው ወንበር መሥራት መገጣጠሚያውን ከወዲሁ መፍታት ነው። በጥላ ሥር፣ በየጣውላው መካከል ቀጫጭን እንጨት እየገባ፣ ከላይ ክብደት ተጭኖበት ለወራት ይድረቅ። ጥድ ቅርጹን ይጠብቃል፤ ምስማር ግን ይሰነጥቀዋልና ቀድሞ በመሰርሰሪያ መብሳት ያስፈልጋል።

ምስጥ፦ የጥድ ውስጡ ምስጥን በደንብ ይቋቋማል። ነጭ ባሕር ዛፍ ካልታከመ አይችልም። ስታንኳኩት ባዶ ድምፅ ከሰጠና እግሩ ላይ የአፈር መስመር ከታየ ምስጥ ገብቷል።

ዋጋ፦ ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው፣ በየቦታውም ይገኛል። ጥድን ከተፈጥሮ ደን መቁረጥ ክልክል ስለሆነ ምንጩን ጠይቁ፤ ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ ጥድ ከተገኘ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ወለጋን በመሰለ ምስጥ በበዛበት አገር፣ ወንበሩም ሜዳ ላይ ከከረመ፣ ጥድ ያዋጣል። በረንዳ ላይ፣ እግሩ ድንጋይ ላይ ለሚቆም ወንበር በደንብ የደረቀና ቀለም የተቀባ ባሕር ዛፍ ይበቃል።